የሥነ ምግባር ዕድል፦ ሁለት ሹፌር፣ አንድ ጥፋት

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ግን 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። ሀረጎ ላይ ኩርባው ይበዛል፣ ጭጋግ ሲጨመርበት ደግሞ ባይነሳ ይሻላል። ጭነት የያዘ መኪና እዚህ የሚወርደው በከባድ ማርሽ ነው፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው። ሹፌሩ ፍሬኑን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ሸራው ይግላል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ቢረግጡትም መኪናው እንደ ልብ አይያዝም። ሸራው አስቀድሞ ያለቀ ከሆነ ይህ ሁሉ ቶሎ ይመጣል።

አሁን ሁለት ሹፌሮች እንበል። የሁለቱም የፍሬን ሸራ አልቋል። ሁለቱም ጋራዥ ገብተው «ይቀየር» ተብለዋል፣ ሁለቱም «ኮምቦልቻ ደርሼ አሠራዋለሁ» ብለው ተነስተዋል። ጭነታቸው እኩል፣ ፍጥነታቸው እኩል፣ ልባቸው ውስጥ ያለው ስንፍናም እኩል። አንደኛው ሽታው እየሸተተው ወረደና ኮምቦልቻ ገብቶ ሻይ አዘዘ። ሁለተኛው ኩርባውን ሲዞር አንዲት ሴት መንገድ እያቋረጠች ነበር፤ ፍሬኑ አልያዘለትም፣ ሴትዮዋ ሞተች።

ለመጀመሪያው «ተጠንቀቅ እንጂ ወንድሜ» ይባላል፣ ያውም ሰው ካወቀበት። ሁለተኛው ይታሰራል፣ ሰው ገደለ ይባላል፣ ያ ስም ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ሴትዮዋ በዚያች ሰዓት እዚያ መገኘቷ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ሁለቱም ሹፌሮች አልወሰኑም።

ፈላስፎች የሥነ ምግባር ዕድል የሚሉት ይህንን ነው። ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 በርናርድ ዊልያምስ እና ቶማስ ኔግል በአንድ መድረክ ላይ ባቀረቧቸው ሁለት ጽሑፎች ነው። ኔግል ዕድል በብዙ በር እንደሚገባ አሳይቷል፤ በተፈጥሮ ጠባያችን፣ በገጠመን ሁኔታ፣ ከእኛ በፊት በተደረደሩት ምክንያቶች፣ በመጨረሻም በሥራችን ውጤት። እኔ እዚህ የያዝኩት የመጨረሻውን ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሁለት ነገር አብረን ስለምናምን ነው። አንደኛው፦ ሰው በማይቆጣጠረው ነገር አይወቀስም። ይህን ማንም አይክድም። ሁለተኛው፦ ሰው የገደለ ሹፌር ካልገደለው ይልቅ ይወቀሳል። ይህንንም በተግባር ማንም አይክድም። ሁለቱ ግን አብረው አይሄዱም። ፈላስፋው ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 መልካም ፈቃድ ምንም ባይሳካለት እንኳ ዋጋው አይቀንስም ብሎ የመጀመሪያውን መርጧል። አዳም ስሚዝ ደግሞ ከእሱ 26 ዓመት ቀድሞ ሰው በሐሳብ ደረጃ ይህንን ቢቀበልም እውነተኛ ጉዳይ ፊቱ ሲቀርብ ስሜቱ ውጤቱን ተከትሎ እንደሚሄድ አስተውሏል። ሰውን በማወቅ ስሚዝ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሕጋችን የቱ ጋ ነው? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። እንደ ሐኪምና ሹፌር የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት አለ፣ መቀጮም አለ። የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። እንግዲህ ሴትዮዋ ልጅ አዝላ ቢሆንስ? ሹፌሩ ያደረገው ነገር በአንዲት ፀጉር አልተለወጠም፣ ቅጣቱ ግን ከአንድ እርከን ወደ ሌላ ዘለለ። (አውቆ ግልጽ ደንብ የጣሰ፣ ለምሳሌ ሰክሮ የነዳ፣ አንድ ሰው ብቻ ቢሞትም ወደዚያው ከባዱ እርከን ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ «ይቀየር» ተብሎ እምቢ ያለ ሹፌር ጠበቃው ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል።)

ሆን ተብሎ በሚፈጸም ወንጀል ላይ ግን ያው ሕግ ሌላ መልክ አለው። በአንቀጽ 27 መሠረት ሰው ለመግደል ተኩሶ የሳተ ሰው በመርህ ደረጃ የሚጠየቀው ሊፈጽመው ባሰበው ወንጀል ቅጣት ነው፣ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም። እዚያ ጋ ሕጉ ዕድልን ሊያባርር ሞክሯል። በቸልተኝነት ላይ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው፣ «ሳያስበው ሊገድል የሞከረ» የሚባል ሰው የለምና። ስለዚህ ሻይ እየጠጣ ያለው ሹፌራችን ቢበዛ የትራፊክ ቅጣት ነው የሚያገኘው።

ለምን እንዲህ እንፈርዳለን? አንዱ ምክንያት የማስታወስ ተንኮል ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ባሩክ ፊሾፍ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳሳየው የአንድን ነገር መጨረሻ የሰማ ሰው ያ መጨረሻ ከመጀመሪያው የሚገመት እንደነበር ያስባል። ሴትዮዋ ስትሞት «ማንም ያውቀዋል እኮ፣ በዚያ ሸራ ሀረጎ አይወረድም» እንላለን። መኪናው በሰላም ሲገባ ግን ይህንን የሚል የለም። ይህ ከሆነ ትልቁ ወቀሳችን ግማሹ ስሕተት ነው፣ ሁለተኛው ሹፌር የበለጠ ቸልተኛ መስሎን ነው የምንቆጣው።

ሁሉንም ግን አያብራራም። እኩል ቸልተኞች መሆናቸውን ከመጀመሪያው ነግሬህ እንኳ የሁለቱ ነገር እኩል አልሆነልህም። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፋየሪ ኩሽማን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት ሰዎች «ድርጊቱ ምን ያህል ስሕተት ነው?» ሲባሉ በዋናነት ሐሳቡን እንደሚያዩ፣ «ምን ያህል ይቀጣ?» ሲባሉ ግን ውጤቱ ክብደት እንደሚያገኝ አሳይቷል። ሁለት የተለያየ ሚዛን ነው ያለን፣ ጠቡም ከዚያ የሚመጣ ይመስለኛል።

ፈላስፋው ማይክል ዚመርማን ያቀረበው መፍትሔ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሁለቱ ሹፌሮች የወቀሳቸው መጠን እኩል ነው፣ የሚለያየው የሚወቀሱባቸው ነገሮች ብዛት ነው ይላል፤ አንዱ በቸልተኝነቱ ብቻ፣ ሌላው በቸልተኝነቱና በሞቷ። ብልህ መልስ ነው። ግን ለሟች ባል ንገረው እስኪ፣ «የገደላት ሰው በሰላም ከገባው ሹፌር በምንም አይብስም» ብለህ።

ዊልያምስን ያስጨነቀው ሌላ ሹፌር ነበር፣ ምንም ጥፋት የሌለበት። ፍሬኑ ደህና ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፣ ልጅ ድንገት ዘላ ገባችበት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 57 እንዲህ ያለውን ድንገተኛ አደጋ አይቀጣም። እኛም «ያንተ ጥፋት አይደለም» እንለዋለን፣ ትክክልም ነን። ነገር ግን ሹፌሩ «እውነታችሁን ነው» ብሎ ወዲያው ራዲዮ ቢከፍት እንሸሸዋለን። ረዳቱም አብሮት ነበር፣ ተሳፋሪውም አዝኗል፣ የእሱ ሐዘን ግን ከእነሱ የተለየ መሆን አለበት ብለን እንጠብቃለን፣ ምክንያቱም መሪውን የያዘው እሱ ነው።

ደሴ ላይ አብረው የሚኖሩት ሁለቱ እምነቶች ይህንን ከፈላስፎቹ በፊት ያውቁታል። በቁርኣን ኒሳእ ምዕራፍ አንቀጽ 92 ላይ በስሕተት የገደለ ሰው ለሟች ቤተሰብ ካሳ ይከፍላል፤ ባሪያ ነፃ ማውጣትም አለበት፣ ያንን ካላገኘ ሁለት ተከታታይ ወር ይጾማል። በኦሪት ዘኍልቍ 35 ደግሞ ሳያስብ የገደለ ሰው ወደ መማፀኛ ከተማ ይሸሻል፣ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስም ከዚያ አይወጣም። ሁለቱም ነፍሰ ገዳይ አላሉትም፣ ሁለቱም ግን ምንም እንዳልሆነ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አልፈቀዱለትም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ይክፈል ይላል። እዚያ ፍርድ ቤቱ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም፣ መኪናው የማን እንደሆነ ማወቅ ይበቃዋል።