የማጠጋጋትና የመቶኛ ስህተቶች በሰሜን ሸዋ የቁጠባና ብድር ማኅበራት የሒሳብ ማጠቃለያ

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝና ምንጃር፣ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የዓመት ሒሳባቸውን ለጠቅላላ ጉባኤ ያቀርባሉ። በመዝገብ ደብተር ዘመን ድምሩ የሚሠራው በእጅ ስለነበር ሒሳብ ሠራተኛው እያንዳንዱን ሳንቲም ያውቀው ነበር። ኤክሴል ከገባ በኋላ ግን ማጠቃለያው ከሰንጠረዡ በራሱ የሚወጣ ሆነ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው።

ለምሳሌ አንድ ማኅበር 85,000 ብር ትርፍ ለአባላቱ ሊያከፋፍል ነው እንበል። የአባላቱ ዕጣ በጠቅላላው 1,240,000 ብር ነው። ሲካፈል 6.8548 በመቶ ገደማ ይመጣል። ማጠቃለያውን የሚያወጣው ቀመር ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ተጽፎ ይገኛል፦

```
="የትርፍ ክፍፍል "&TEXT(B4,"0%")
```

በሪፖርቱ ላይ የሚነበበው «7%» ነው። በሴሉ ውስጥ ያለው ቁጥር አልተነካም፤ የተጠጋጋው የሚታየው ብቻ ነው። ጉባኤው 7 በመቶ ብሎ ካጸደቀ ክፍያው 86,800 ብር ይሆናል፤ ከትርፉ በ1,800 ብር ይበልጣል። የ5,000 ብር ዕጣ ያለው አባልም 342.74 ብር ሲገባው 350 ብር ይጠብቃል። መጣኙ 6.85 ተብሎ ቢጻፍ ደግሞ 60 ብር ሳይከፈል ይተርፋል። ስለዚህ መጣኙ ለንባብ ይጠጋጋ እንጂ ለስሌት ሙሉው ይያዝ።

እያንዳንዱ ክፍያ ግን እስከ ሳንቲም መጠጋጋት አለበት፤ ገንዘብ ቤቱ ከሳንቲም በታች አይከፍልም። ይህም የሚሠራው በሴሉ የቁጥር ቅርጸት ሳይሆን በራሱ በቀመሩ ነው፤ C7 የአባሉ ዕጣ፣ B4 ሙሉው መጣኝ ነው፦

```
=ROUND(C7*$B$4,2)
```

ከዚያ የክፍያዎቹ ድምር ከ85,000 ጋር ይነጻጸራል። ልዩነቱ ጥቂት ሳንቲም ከሆነ የማጠጋጋት ትራፊ ነው፤ ከፍ ካለ ግን ሌላ ስህተት አለ። ትራፊው ወደ መጠባበቂያ መግባት አለበት የሚሉ አሉ፤ ለመጨረሻው አባል ይታሰብ የሚሉም አይጠፉም። የመጀመሪያው ይሻላል፤ ለማንም አያዳላም።

ሁለተኛው ስህተት የመቶኛ መቶኛ ነው። ከብድሩ 5 በመቶ ውዝፍ ቢሆንና ከውዝፉ 20 በመቶው የማይመለስ ቢባል፣ የማይመለሰው ከጠቅላላ ብድሩ 1 በመቶ ነው። ማጠቃለያው «20 በመቶ ብድር አይመለስም» ብሎ ከጻፈ አባላት ሊደነግጡ ይገባቸዋል፤ የጎደለው ግን «ከውዝፉ» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

ጭማሪ ሲነገርም እንዲሁ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ሲያሳድግ ጭማሪው 2 የመቶኛ ነጥብ ነበር፤ ከቀድሞው ወለድ አንጻር ግን 40 በመቶ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱን ሴሎች በመቀነስ ያገኘውን «2%» ብሎ የሚያትም ሰንጠረዥ ግን የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አይናገርም። ጠንቃቃ የሆኑ የአካባቢው ሒሳብ ሠራተኞች ሁለቱን መጣኞች ጎን ለጎን ይጽፋሉ፦ «ከ5 ወደ 7 በመቶ»።