አንድ ሐዲስ፣ የተለያየ ፍርድ፦ የፊቅህ መዝሀቦች አመጣጥና የማስረጃ አጠቃቀማቸው

ሁለት ሰዎች ገበያ ውስጥ በአንድ ግመል ዋጋ ተስማሙ። አንዱ «ሸጥኩልህ» አለ። ሌላው «ገዛሁ» አለ። ገና ከቆሙበት ሳይነቃነቁ ገዢው ሐሳቡን ቀየረና «ይቅርብኝ» አለ። ውሉ ጸንቷል ወይስ አልጸናም?

በዚህ ጉዳይ ላይ የታወቀ ሐዲስ አለ። ሻጭና ገዢ እስካልተለያዩ ድረስ ውሉን የማጽናትም የመተውም ምርጫ እንዳላቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መናገራቸውን ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር አስተላልፈዋል። ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል። ግን አላለቀም። ከአራቱ የሱኒ መዝሀቦች ሻፊዒዎችና ሐንበሊዎች «ገዢው መመለስ ይችላል» ሲሉ፣ ሐነፊዎችና ማሊኪዎች «አይችልም፣ ውሉ ጸንቷል» ይላሉ። መዝሀቦች በምን እንደሚለያዩ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ምክንያቱም ልዩነቱ ሐዲሱ ለአንዱ ደርሶ ለሌላው ሳይደርስ በመቅረቱ የመጣ አይደለም። ልዩነቱ ሐዲሱ ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ሲገናኝ የቱ ይበልጣል የሚለው ላይ ነው።

መዝሀብ በዐረብኛ መሄጃ፣ የሚኬድበት መንገድ ማለት ነው። የተለየ እምነት አይደለም፤ በፊቅህ፣ ማለትም በእስልምና ሕግ ዕውቀት፣ ከማስረጃ ወደ ፍርድ የሚኬድበት መንገድ ነው። መንገዶቹም መጀመሪያ የተቀየሱት በከተሞች ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከነዚህ ከተሞች አንዷ የኢራቋ ኩፋ ናት። ኩፋ የተቆረቆረችው ለጦር ሰፈርነት ነበር። ኸሊፋው ዑመር ሕዝቡን እንዲያስተምሩ ሶሓባው ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድን ላኩላት። የእሳቸው ትምህርት ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ ቆይቶ ኢማም አቡ ሐኒፋ (699–767) ዘንድ ደረሰ። አቡ ሐኒፋ የሐር ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ውል እንዴት እንደሚታሰር፣ እንዴት እንደሚፈርስ ከሱቅ ያውቁታል። ኩፋ ደግሞ የፖለቲካ ሽኩቻ የበዛባት፣ በነቢዩ ስም የተፈጠረ ወሬም እንደልብ የሚነዛባት ከተማ ነበረች። ስለዚህ የኩፋ ሊቃውንት አንድ ሰው ብቻ ከአንድ ሰው ሰምቶ ያስተላለፈውን ሐዲስ በጥንቃቄ ነበር የሚቀበሉት። እንዲህ ያለው ሐዲስ የቁርኣንን አጠቃላይ ድንጋጌ እንዲያጠብ አይፈቅዱለትም።

ወደ ግመሉ እንመለስ። ቁርኣን በመዋደድ፣ ማለትም በሁለቱም ወገን ፈቃድ፣ የተደረገ ንግድን ይፈቅዳል፤ «ውሎችን ሙሉ» ብሎም ያዛል። ሐነፊዎች «ሸጥኩ፣ ገዛሁ ከተባባሉ መዋደዱ ተፈጽሟል፣ ውሉም ታስሯል» ይላሉ። ታዲያ ሐዲሱን ምን አደረጉት? አልጣሉትም፤ ተረጎሙት። «እስካልተለያዩ ድረስ» የሚለው መለያየት የእግር ሳይሆን የቃል ነው አሉ። አንዱ «ሸጥኩ» ብሎ ሌላው መልስ እስኪሰጥ ድረስ ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ቃሉ ካለቀ በኋላ ግን መመለስ የለም። ይህ አተረጓጎም ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንም። እኛም «ባልና ሚስቱ ተለያዩ» ሲባል በየት በኩል ሄዱ ብለን አንጠይቅም። ቁርኣን ራሱ ስለ ፍቺ ሲናገር ይህንኑ የመለያየት ቃል ይጠቀማል። አቡ ሐኒፋ «መርከብ ላይ ቢሆኑስ እንዴት ይለያያሉ?» ብለው ጠይቀዋል ተብሎም ይነገራል።

ሐነፊዎች በቂያስ፣ ማለትም አንዱን ጉዳይ ከሌላው ጋር በማመሳሰል፣ ይታወቃሉ። ግን ቂያሱ ሰውን የሚያስቸግር ሲሆን የሚተዉበትም መንገድ አላቸው፤ ኢስቲሕሳን ይባላል። ጫማ ሰሪ ዘንድ ሄደህ እግርህን ለክተህ ጫማ ታዛለህ። ጫማው ገና የለም። የሌለን ነገር መሸጥ ደግሞ በመርሁ ክልክል ነው። ሆኖም ሰው ሁሉ ሲያደርገው የኖረና ማንም ያልተቃወመው ስለሆነ ሐነፊዎች ፈቀዱት።

መዲና ሌላ ዓለም ናት። ነቢዩ የኖሩባትና የተቀበሩባት ከተማ ነች። እዚያ ሃይማኖቱ በሰው ኑሮ ውስጥ ይታያል። ኢማም ማሊክ (711–795) ሕይወታቸውን በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያው ነው ያሳለፉት። ለእሳቸው የመዲና ሰዎች የጋራ ልማድ ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው። አንድ ሰው ከአንድ ሰው የሰማውን ከመያዝ፣ ሺዎች ከሺዎች እየተቀበሉ የኖሩትን መያዝ ይሻላል የሚል እምነት ነበራቸው። እንግዲህ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። የመለያየቱን ሐዲስ ማሊክ ራሳቸው «አል-ሙወጠእ» በተባለው መጽሐፋቸው አስፍረውታል። የሰሙትም ከናፊዕ ነው፤ ናፊዕ ደግሞ ከኢብኑ ዑመር። ከዚህ የጠራ ሰንሰለት ማግኘት ከባድ ነው። ሐዲሱን ከጻፉ በኋላ ግን ለዚህ ነገር እኛ ዘንድ የታወቀ ወሰንም ሆነ የሚሠራበት ልማድ የለም የሚል ሐሳብ አከሉበት። የመዲና ነጋዴ በዚህ አይሠራም፤ ስለዚህ ፍርዱ በዚህ አይሰጥም።

ይህ አቋም እዚያው መዲና ውስጥም ቁጣ አስነስቷል። ኢብኑ አቢ ዚእብ የተባሉት የከተማዋ ሊቅ በማሊክ ላይ በጣም ከባድ ቃል እንደተናገሩ ተላልፏል። የመዲና ሊቃውንት በአንድ ድምፅ ይናገሩ ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

ሙሐመድ ኢብኑ ኢድሪስ አሽ-ሻፊዒ (767–820) የተወለዱት በጋዛ፣ ያደጉት በመካ ነው። በወጣትነታቸው ማሊክ እግር ሥር ተቀምጠው ተማሩ። ኋላ ባግዳድ ሄደው የአቡ ሐኒፋን ደቀ መዝሙር ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒን አገኙ። ስለዚህ ሁለቱንም ቤት ከውስጥ ያውቁታል። ያዩት ነገር ግን አላስደሰታቸውም። የመዲናው ሰው «ልማዳችን» ይላል፤ የኩፋው ሰው «ቂያሱ፣ ኢስቲሕሳኑ» ይላል። ሁለቱም የጸና ሐዲስ ይዘው ሌላ ነገር ያስቀድሙበታል። ሻፊዒ «አር-ሪሳላ» በተባለው ሥራቸው ደረጃ አወጡ፦ ቁርኣን፣ የነቢዩ ሱና፣ ኢጅማዕ (የሊቃውንት የጋራ ስምምነት)፣ ከዚያ ቂያስ። ሱና ማለት ደግሞ በታማኝ ሰዎች ሰንሰለት የደረሰ ሐዲስ እንጂ የአንድ ከተማ ልማድ አይደለም አሉ። ኢስቲሕሳንን የራስን ምርጫ መከተል ነው ብለው ነቀፉት።

ግመሉን በዚህ መንገድ ብትፈርድ መልሱ ቀላል ነው። ሐዲሱ ጸንቷል፣ መለያየት ማለትም መለያየት ነው። ሻፊዒዎች የሚጨምሩት ጠንካራ ማስረጃ አለ። ሐዲሱን ያስተላለፉት ኢብኑ ዑመር ራሳቸው፣ የገዙት ዕቃ ካማራቸው፣ ሻጩ ሐሳቡን እንዳይቀይር ተነስተው ጥቂት ይራመዱ ነበር። ቃሉን የሰማው ሰው በእግሩ ተርጉሞታል ማለት ነው። እኔም ሁለቱን ወገኖች ሳነብ ይሄኛው ክርክር ያመዝንብኛል።

አሕመድ ኢብኑ ሐንበል (780–855) የሻፊዒ ተማሪ ነበሩ፤ በዚህ ጉዳይም ከሻፊዒ ጋር ናቸው። ከሁሉ በላይ የሐዲስ ሰው ናቸው። ሰንሰለቱ ትንሽ የደከመ ሐዲስ እንኳ በእሳቸው ዘንድ ከቂያስ ይቀድማል። አስተያየታቸው እንዲጻፍ አይወዱም ነበር። የጻፉት ተማሪዎቻቸው ናቸው።

ሐዲስ ባለበት ይህን ያህል ከተለያዩ፣ ሐዲስ በሌለበትስ? እዚህ ላይ ከአገራችን ገበያ ምሳሌ ልውሰድ። ነቢዩ ስድስት ነገሮች በዓይነታቸው ሲለወጡ መበላለጥ እንደሌለባቸው ተናግረዋል፦ ወርቅ፣ ብር፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ተምርና ጨው። መበላለጡ ሪባ፣ ማለትም የተከለከለ አራጣ፣ ነው። አንድ ገበሬ አንድ ኩንታል ማኛ ጤፍ ሰጥቶ አንድ ኩንታል ተኩል ሰርገኛ ሊቀበል ቢፈልግስ? ጤፍ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ሐነፊው «ስድስቱን ነገሮች የሚያገናኛቸው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ መሰፈራቸው ወይም መመዘናቸው ነው፤ ጤፍም ይሰፈራል፣ ስለዚህ ክልክል ነው። ሻፊዒው «አራቱ ምግብ ናቸው፣ ሁለቱ የዋጋ መለኪያ ናቸው» ይላል፤ ጤፍ ምግብ ስለሆነ ክልክል ነው። ማሊኪው «ሰው ለቀለቡ የሚያከማቸው ምግብ ነው» ይላል፤ ጤፍ ጎተራ ይገባል፣ ስለዚህ ክልክል ነው። በሦስት መንገድ ሄደው አንድ ቦታ ደረሱ። ገበሬው መውጫ አለው። ነቢዩ ጥሩ ተምር በብዙ መናኛ ተምር የለወጠውን ሰው እንደመከሩት፣ ሰርገኛውን በገንዘብ መግዛት፣ ማኛውንም በገንዘብ መሸጥ ነው።

አሁን ጤፉን አንስተህ ሌላ ዕቃ አስቀምጥ። አንድ ኪሎ አዲስ ብረት በሁለት ኪሎ ቁርጥራጭ ብረት ቢለወጥ ሐነፊው ይከለክላል፣ ብረት ይመዘናልና። ሻፊዒው ይፈቅዳል፣ ብረት አይበላምና። አንድ እንቁላል በሁለት እንቁላል፣ እጅ በእጅ ከሆነ፣ ተገላቢጦሽ ነው። እንቁላል በቁጥር የሚሸጥ ስለሆነ ሐነፊው ይፈቅዳል፤ ምግብ ስለሆነ ሻፊዒው ይከለክላል። አንድን መዝሀብ ከሌላው የምትለየው እንዲህ ባለው ጠርዝ ላይ ባለ ጉዳይ ነው እንጂ በመሐሉ አይደለም።

ከነዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ድምፅ አለ። የቃሉን ግልጽ ትርጉም ብቻ የሚይዙት ዛሂሪዎች፣ በተለይም የአንዳሉሱ ኢብኑ ሐዝም (994–1064)፣ ቂያስን ጭራሽ አይቀበሉም። ስድስት ከተባለ ስድስት ነው፤ ጤፍ ነፃ ነው። ሺዓዎቹ ጃዕፈሪዎችም ቂያስን አይቀበሉም፤ እነሱ ግን የኢማሞቻቸውን ቃልና የአእምሮን ማስረጃ ይይዛሉ።

ታዲያ ከሱኒ መዝሀቦች አራቱ ብቻ የቀሩት ለምንድን ነው? ዕውቀት ብቻውን አልበቃም። ግብፅ ውስጥ አል-ለይስ ኢብኑ ሰዕድ የሚባሉ ታላቅ ሊቅ ነበሩ። ሻፊዒ ራሳቸው ከማሊክ የበለጠ ያውቁ እንደነበርና ተማሪዎቻቸው ግን እንዳልያዟቸው ተናግረዋል ይባላል። ዛሬ የለይስ መዝሀብ የለም። አቡ ሐኒፋ ግን አቡ ዩሱፍን (በ798 የሞቱ) የመሰለ ደቀ መዝሙር ነበራቸው። አቡ ዩሱፍ በኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ዘመን ዋና ቃዲ ሆኑ፤ በየከተማው ቃዲ ሲሾም የሐነፊው መንገድም አብሮ ሄደ። የማሊክን ትምህርት ሰሕኑን በሰሜን አፍሪካዋ ቃይረዋን ሰብስበው አስተማሩት። በ1265 የግብፁ ሱልጣን በይበርስ በካይሮ ለአራቱም መዝሀብ አራት ዋና ቃዲዎች ሾሙ።

ወደ እኛ አገር ሻፊዒው በብዛት የመጣው በየመን በኩል ነው፤ ሐረርን፣ ሶማሌንና ባሌን ይዟል። በወሎና በሰሜን ሐነፊም አለ። በምዕራብ ደግሞ ከሱዳን የመጣ ማሊኪ ይገኛል። ልዩነቱን በዓይንህ ለማየት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግህም። ሱብሒ ላይ መስጂድ ግባ። በሁለተኛው ረከዓ ሻፊዒው ኢማም ከሩኩዕ ቀና ብሎ እጁን ያነሳና ቁኑት የሚባለውን ዱዓ ያደርጋል። ከኋላው ያሉት ሻፊዒዎች እጃቸውን አንስተው «አሚን» ይላሉ። ከመካከላቸው ያለው ሐነፊ እጁን አውርዶ ዝም ብሎ ይቆማል። ዱዓው ሲያልቅ ሁሉም አብረው ሱጁድ ይወርዳሉ።