አንድ ኪሎ ቡና ስንት ሲኒ ይሆናል?

ለእህቴ ልጅ ክርስትና ቡና የመግዛቱ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ሰማንያ ሰው ተጠርቷል። ስንት ኪሎ ልግዛ ብዬ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። አንዷ «ሁለት ይበቃል» አለችኝ፣ ሌላዋ «እንዳያልቅብህ አራት አድርገው» አለች። እኔም መሐሉን ይዤ ሦስት ኪሎ ገዛሁ። ይባስ ብሎ ሁሉም ቅዳሜ ማታ ተቆላ። በበዓሉ ማግስት ሁለት ኪሎ የሚሆን የተቆላ ቡና በላስቲክ ታስሮ ጓዳ ተቀምጦ አገኘሁት። ወር ሳይሞላው ሽታው ጠፋ፣ ሲፈላም ጣዕሙ እንጨት እንጨት አለ።

«አንድ ኪሎ ስንት ሲኒ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ አለው። የሚያደናግረው ሦስት ነገር ተለይቶ ስለማይጠየቅ ነው። ኪሎው የጥሬ ነው ወይስ የተቆላ? ሲኒው የአቦል ነው ወይስ የበረካ? ጀበናው ስንት ሲኒ ይቀዳል?

ከጥሬው እንጀምር። ከገበያ የመጣ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲለቀም ጥቁሩ ፍሬ፣ ስብርባሪው፣ ገለባው፣ አንዳንዴም ጠጠሩ ይወጣል። እንደ ቡናው ንጽሕና ከ30 እስከ 50 ግራም ይሄዳል በሉ። ትልቁ ቅናሽ ግን ምጣዱ ላይ ነው። ጥሬ ቡና በውስጡ እርጥበት ስላለው ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል። በጣም ካጠቆራችሁት ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ከአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና እጃችን ላይ የሚቀረው የተቆላ ቡና ወደ 780 ግራም ነው።

እዚህ ላይ ዓይን ያታልላል። ቡና ሲቆላ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ፍሬው ግን ያብጣል። አንድ ሲኒ ጥሬ ቡና 50 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ አንድ ሲኒ የተቆላ ግን ከዚያ ግማሹን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ጥሬውን በሲኒ መስፈር የለመደ ሰው የተቆላውንም በዚያው ሲኒ ከሰፈረ ቡናው የሚቀጥንበት ለዚህ ነው። መስፈሪያችሁ ሲኒ ከሆነ ሁልጊዜ ጥሬውን ስፈሩ። አንድ ኪሎ ጥሬ ሃያ ሲኒ ገደማ ይወጣዋል።

ከገጠር ዘመድ የላከው ቡና ጀንፈል ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ጀንፈል ከነቅርፊቱ የደረቀ ፍሬ ነው። ሲፈለፈል ከአንድ ኪሎ የሚገኘው ጥሬ ቡና ግማሽ ኪሎ ያህል ብቻ ነው። «አምስት ኪሎ ቡና መጣልን» ብላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ከረጢቱን ፈትታችሁ እዩ።

አሁን ወደ ጀበናው። የተለመደው የቤት ጀበና አሥር ሲኒ ይቀዳል። ሲኒ እስከ አፉ ቢሞላ 75 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ለእንግዳ ግን እስከ አፉ አይሞላም፣ ስኳር የሚማሰልበት ቦታ ይተዋል። ስለዚህ የሚቀዳው 60 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ለአሥር ሲኒ አቦል 60 ግራም የተወቀጠ ቡና እጨምራለሁ፤ ለአንድ ሲኒ ስድስት ግራም ማለት ነው። ወፍራም ቡና የሚወድ ቤት 80 ያደርገዋል። 45 አድርጎ የሚያፈላም አለ፣ ግን እዚያ ቤት አቦሉ ቶና ይመስላል። በ60 ግራም ብንሄድ 780 ግራሙ አሥራ ሦስት ጀበና ያፈላል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና 130 ሲኒ አቦል ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ነው። ለድግስ ሳስብ ግን ኪሎውን በመቶ ሲኒ አቦል እይዘዋለሁ። አንዱ ጀበና ይገነፍላል፣ ሌላው ሳይሰክን ይቀዳና ይደፋል፣ ዘግይቶ ለሚመጣ እንግዳ አዲስ ይጣዳል። ሠላሳው ሲኒ ለዚህ ይሁን።

ቶናና በረካስ? እዚህ ነው «ኪሎው ሦስት መቶ ሲኒ ነው» የሚሉት ሰዎች የሚመጡት። አልዋሹም። በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ሁለተኛና ሦስተኛ ስለሚፈላ የሲኒው ቁጥር እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ግን ተጨማሪ ቡና አልገባም። ስለዚህ ግዢ ስታስቡ የምትቆጥሩት አቦሉን ብቻ ነው። ቶናው አቦሉን ተከትሎ ይመጣል።

ቶና ጣዕም የሚኖረው ግን አቦሉ በሥርዓት ከተቀዳ ነው። የተወቀጠ ቡና ከክብደቱ እጥፍ ያህል ውሃ ይጠጣል። 60 ግራም ዱቄት 120 ሚሊ ሊትር ያህል ይዞ ይቀራል፤ ይህ ሁለት ሲኒ ነው። ስለዚህ አሥር ሲኒ ለመቅዳት አሥራ ሁለት ሲኒ ውሃ ነው የሚገባው። በአሥር ሲኒ ውሃ የጣደ ሰው ስምንተኛው ሲኒ ላይ ጀበናውን ማዘንበል፣ ዘጠነኛው ላይ መነቅነቅ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ድፍርስ ነው። እንግዳው አተላ ይጠጣል፣ ለቶናው የሚተርፈው ወፍራም ቡናም ተሟጦ ያልቃል። የቶና ጉልበት ከፊሉ ከጀበናው ሥር ከቀረው ከዚያ ከሁለቱ ሲኒ የመጣ ነው። ለቶናው ግን አሥራ ሁለት አያስፈልግም። አተላው የሚጠጣውን ቀድሞ ስለጠጣ አሥር ሲኒ ውሃ ይበቃዋል። ብዙ ሴቶች ይህን ሳይለኩ ያውቁታል፤ ጀበናው ሲነሳ በእጃቸው ክብደት ያነቡታል። እኔ ግን በሲኒ ስቆጥር ነው የገባኝ።

ለቶና አንድ ሁለት ማንኪያ አዲስ ቡና ጣል የሚያደርጉ አሉ። በድግስ ቀን እኔም እደግፈዋለሁ፣ ለአንድ ጀበና አሥር ግራም ቢሆን ነው። በረካ ላይ ግን አልጨምርም። በረካ ድረስ የሚቆይ ሰው ለወሬው ነው የቆየው።

እስቲ ያንን ክርስትና እንደገና ልደግሰው። የተጠራው ሰማንያ ሰው ነው። አሥራ አምስቱ ሕፃናት ናቸው፣ ፈንዲሻ ይበቃቸዋል። ደም ግፊት ያለበት፣ እንቅልፍ የሚነሳው፣ ሻይ የሚመርጥ ሰው ሲቀነስ ቡና ጠጪው ስድሳ ይሆናል። ለስድሳ ሰው አቦል ስድስት ጀበና፣ በ60 ግራም ሲባዛ 360 ግራም። ለቶና የሚቆየው አርባ ሰው ቢሆን አራት ጀበና፣ ለእያንዳንዱ አሥር ግራም ማደሻ፣ 40 ግራም። ለዘገየና ለድንገተኛ ሁለት ጀበና መጠባበቂያ፣ 120 ግራም። ድምሩ 520 ግራም የተቆላ ቡና ነው። ወደ ጥሬ ሲመለስ 670 ግራም ገደማ ይሆናል። ሦስት ሩብ ኪሎ! እኔ የገዛሁት ሦስት ኪሎ ነበር።

ስኳሩም እንዲሁ በግምት አይሁን። አቦልና ቶና አንድ ላይ መቶ ሲኒ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አምስት ግራም ቢይዝ ግማሽ ኪሎ ይሄዳል። ሁለት ማንኪያ የሚያደርግ ስለማይጠፋ አንድ ኪሎ ይያዝ።

እውነት ለመናገር በብዙ ሰው ድግስ ላይ የሚያልቀው ቡናው አይደለም፣ ጀበናውና እሳቱ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና እስኪፈላ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ ማቶቱ ላይ ተቀምጦ እስኪሰክን አራት አምስት ደቂቃ ይጨመራል። በአንድ ጀበና ስድስት ዙር ብትሉ ሁለት ሰዓት ነው። የመጨረሻው እንግዳ አቦሉን ሳያገኝ ይሄዳል። ሦስት ጀበና ተውሳችሁ ውሃውን ቀድማችሁ በማንቆርቆሪያ ብታሞቁት ግን ስድሳው አቦል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይዳረሳል።

ለቅሶ ቤት ነገሩ ይለያል። እዚያ ሰው ቀኑን ሙሉ ይገባል ይወጣል፣ አቦል ቶና ብሎ የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ቡናው በትልቅ ድስት ይፈላና ከሰከነ በኋላ ተጣርቶ በፔርሙዝ ይያዛል። ከሰፊ ድስት የሚተነው ውሃ ከጠባብ አፍ ጀበና ስለሚበልጥ ውሃው ትንሽ መጨመር አለበት። ከሁሉም በላይ የሚቀርበው ሲኒ በሙሉ አቦል ነው፣ ቶና የሚባል ማካካሻ የለም። መቶ ሰው መጥቶ ሁለት ሁለት ሲኒ ከጠጣ ሁለት ኪሎ ጥሬ ቡና ያስፈልጋል። ክርስትናና ለቅሶ በሰው ቁጥር እኩል ሆነው በቡና የማይገናኙት ለዚህ ነው። «አራት አድርገው» ያለችኝ ሴትዮም የዕድር ዳኛ ናት፤ የለመደችውን ነው የነገረችኝ።

ውጭ አገር ያላችሁ የተቆላ ቡና በከረጢት የምትገዙ ከሆነ የምጣዱን ቅናሽ ሌላ ሰው ከፍሎላችኋል። አንድ ኪሎ የተቆላ፣ አሥራ ስድስት ጀበና ነው። ለጭሱና ለሽታው አንድ ሲኒ ጥሬ እንግዳ ፊት ቆሉ፣ የቀረው አስቀድሞ ይዘጋጅ። የጭስ ማስጠንቀቂያውም አይጮህም፣ ቢያንስ ለረጅም ጊዜ።

የመግዛትና የመቁላት መጠን አንድ መሆን የለበትም። ጥሬ ቡና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል፣ የተቆላው ግን በሳምንታት ይደክማል። አሁን ለድግስ አንድ ኪሎ እገዛና ሩቡን ሳይቆላ ጓዳ አስቀምጣለሁ። ሰው ከበዛ ምጣዱ ቅርብ ነው፣ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ባለፈው ዓመት በልጅቷ ልደት ያ ሩብ ኪሎ ሳይነካ ተርፎ ለእናቴ ሰጠኋት። ከፍታ አየችውና «ይሄ ብቻ ነው የተረፈው?» አለችኝ።