ኢ-ርቱዕ ወደር ምንድን ነው? ቋሚው ቁጥርስ ምን ይነግረናል?

ከፒያሳ ቦሌ ለመሄድ ኮንትራት ታክሲ በ600 ብር ያዛችሁ እንበል። ሁለት ከሆናችሁ ለእያንዳንዳችሁ 300 ብር ይደርሳችኋል፣ ሦስት ከሆናችሁ 200፣ አራት ከሆናችሁ 150። የሰዉ ቁጥር እጥፍ ሲሆን መዋጮው በግማሽ ይወርዳል፤ ሁለቱን ብታባዙ ግን ሁልጊዜ 600 ነው። ኢ-ርቱዕ ወደር ይኸው ነው፤ ሲጻፍ y = k/x ይሆናል፤ x የሰዉ ቁጥር፣ y የእያንዳንዱ መዋጮ፣ k ደግሞ ቋሚው ቁጥር ነው። k ባዶ ቁጥር አይደለም። «ሰው» በ«ብር ለአንድ ሰው» ሲባዛ ብር ይሰጣል፤ ስለዚህ k ሹፌሩ የሚቀበለው ጠቅላላ ሂሳብ ነው።

አንዱ ሲጨምር ሌላው ስለቀነሰ ብቻ ኢ-ርቱዕ ወደር ነው ማለት ግን ስህተት ነው። በየቀኑ 20 ብር የሚበላ የሞባይል ሂሳብ ከ100 ወደ 80፣ ከዚያ ወደ 60 ይወርዳል። እዚህ ቋሚው ልዩነቱ እንጂ ብዜቱ አይደለም፤ ሂሳቡም ዜሮ ይገባል። k/x ግን ዜሮን እየተጠጋ ይሄዳል እንጂ አይነካውም።

ብርሃን ደግሞ ከዚህ በፈጠነ መንገድ ይቀንሳል። ከአምፖሉ ርቀታችሁን እጥፍ ስታደርጉ ያው ብርሃን አራት እጥፍ በሚሰፋ ገጽ ላይ ስለሚበተን፣ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ሩብ ብቻ ነው። ቀመሩ y = k/x² ነው። ሁለቱም ቀላል ራሽናል ፈንክሽኖች ናቸው፤ ልዩነታቸው ታች ያለው x ስኩዌር መሆኑ ነው። የትኛው እንደሆነ ከመረጃ ለመለየት xy እና x²y ን አስሉና የትኛው እንደማይንቀሳቀስ እዩ።

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ማታ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በሉክስ በሚለካ የስልክ መለኪያ ከአንድ አምፖል ፊት ለፊት ይህ ተገኘ እንበል፦

| x (ሜትር) | y (ሉክስ) | xy | x²y |
|---|---|---|---|
| 0.5 | 260 | 130 | 65 |
| 1 | 68 | 68 | 68 |
| 1.5 | 32 | 48 | 72 |
| 2 | 20 | 40 | 80 |

xy ወዲያው ወደቀ፤ እሱን ተዉት። x²y ይሻላል፣ ግን ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ሽቅብ ይወጣል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ የአራቱን አማካይ ወስዶ 71 ይልና ያልፋል። ብዜቱ ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄደ ከሆነ ግን አማካይ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም። ሩቅ ላይ ማደጉ ከአምፖሉ ሌላ የሚጨመር ብርሃን እንዳለ ያሳያል፤ እውነተኛው ቀመር y = k/x² + c ነው፤ c ያ ተጨማሪ ብርሃን ነው። አምፖሉን አጥፍታችሁ ለኩ። በመጋረጃው ሾልኮ የሚገባው የመንገድ መብራት 4 ሉክስ ቢሆን፣ ከእያንዳንዱ ንባብ 4 ስትቀንሱ 256፣ 64፣ 28 እና 16 ይቀራል። አሁን x²y 64፣ 64፣ 63፣ 64 ሆነ። በግራፉ ላይ ይህ c ኩርባው የሚጠጋው አግድም መስመር ነው።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፤ ብዜቱ ቅርብ ላይ ትልቅ ሆኖ እየራቁ ሲሄዱ ይወርዳል። ሜትሩን ከአምፖሉ ፊት ሳይሆን 10 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ካለው ሶኬት ብትጀምሩ 0.5 የነበረው 0.6፣ 2 የነበረው 2.1 ይሆናል። በዚህም 4 በተቀነሰላቸው ንባቦች ሲሰላ x²y ከ92 ተነስቶ ወደ 71 ይወርዳል። ተመሳሳይ 10 ሳንቲሜትር ቅርብ ላይ ብዙ፣ ሩቅ ላይ ጥቂት ይጎዳል። ቀመሩ k/(x − 0.1)² ነውና ኩርባው የሚጠጋው ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ከዜሮ ወደ 0.1 ተገፍቷል ማለት ነው።

ታዲያ 64 ምንድን ነው? x = 1 ስታደርጉ y = k ስለሚሆን፣ በአንድ ሜትር ላይ የሚገኘው ሉክስ ነው። አሃዱ ሉክስ × ሜትር ስኩዌር፣ ማለትም ካንዴላ ነው፤ አምፖሉ በዚያ አቅጣጫ የሚልከው የብርሃን ጥንካሬ። ብርሃኑ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢሄድ ኖሮ አምፖሉ የሚያወጣው ጠቅላላ ብርሃን 64 × 4π፣ ወደ 804 ሉመን ይሆናል። ካርቶኑ ላይ 806 ሉመን ተጽፎ ከሆነ ይቀራረባል፤ የኤልኢዲ አምፖል ግን ወደ ኋላ የሚልከው ያነሰ ስለሆነ ግምት ብቻ ነው።

ስልኩ ራሱ 20 በመቶ አሳንሶ የሚያነብ ከሆነ ብዜቶቹ ሁሉ በ20 በመቶ ያንሳሉ፣ ግን እኩል እንደሆኑ ይቀራሉ። ስለዚህ የቀመሩን ቅርጽ በርካሽ ስልክ ማረጋገጥ ይቻላል፤ k ን ግን ከተስተካከለ መለኪያ ጋር ሳታመሳክሩ አትመኑት። ደግሞም ይህ ሁሉ የሚሠራው ርቀቱ ከብርሃን ምንጩ ስፋት ቢያንስ አምስት እጥፍ ሲሆን ነው። 1.2 ሜትር የሚረዝም ቱቦ መብራት ሥር ግማሽ ሜትር ላይ ብትለኩ ከ1/x² ይልቅ ወደ 1/x የሚያደላ ውጤት ታገኛላችሁ።