የአውቶኢንኮደር የስህተት ገደብ ምንድን ነው?

አንድ የውሃ ፓምፕ ሞተር አለ እንበል። ላዩ ላይ የንዝረት ሴንሰር ተገጥሟል። ሞተሩ ሲበላሽ ንዝረቱ ምን እንደሚመስል አናውቅም፤ እስከ ዛሬ ተበላሽቶ አያውቅምና። እጃችን ላይ ያለው የደህና ጊዜው ዳታ ብቻ ነው። አውቶኢንኮደር የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

አውቶኢንኮደር የተሰጠውን ነገር መልሶ እንዲሠራ የሚሠለጥን ኒውራል ኔትወርክ ነው። መሃሉ ላይ ግን ጠባብ በር አለው። ከእያንዳንዱ የ10 ሰከንድ ንዝረት፣ በየፍሪኩዌንሲው ያለውን ጥንካሬ የሚናገሩ 64 ቁጥሮች ወጥተው ወደ ሞዴሉ ይገባሉ። ኢንኮደሩ ወደ 6 ያጠባቸዋል። ዲኮደሩ ከነዚያ 6 ተነስቶ 64ቱን መልሶ ይሠራል። በ6 ቁጥር ሁሉንም ነገር መያዝ ስለማይቻል፣ ሞዴሉ የሚይዘው ደጋግሞ ያየውን ማለትም የደህናውን ንዝረት ጠባይ ነው። ኩሽኔታው መበላት ሲጀምር የሚመጣውን ንዝረት አይቶት ስለማያውቅ አበላሽቶ ይሠራዋል። በገባውና በወጣው መካከል ያለው ልዩነት የመልሶ ግንባታ ስህተት ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ልዩነት በራሱ ይባዛና አማካዩ ይወሰዳል። በሩ ከሚገባው በላይ ከሰፋ ግን ሞዴሉ ብልሽቱንም አሳምሮ ይገለብጠዋል፤ ያኔ ስህተቱ ምንም አይነግረንም።

እስከዚህ ድረስ ሥራው ቀላል ነው። እኔ ብዙ ሰው ሲቸገር የማየው ቀጥሎ ባለው ጥያቄ ነው፦ ስህተቱ ስንት ሲደርስ ነው ደወል የሚጮኸው? ያ ቁጥር ነው የስህተት ገደቡ።

ብዙዎች የሚጀምሩት ከሥልጠናው ዳታ ነው። የሥልጠናውን ስህተቶች ይደረድሩና 99 በመቶው ከሥሩ የሚያርፍበትን ቁጥር ገደብ ያደርጉታል። 0.020 ወጣ እንበል። ሞዴሉ ግን ያንን ዳታ ደጋግሞ አይቶታል፤ ስህተቱ እዚያ ላይ ከእውነቱ ያነሰ ነው። ባላየው ደህና ሳምንት ላይ ሲሞከር 1 በመቶ ይሆናል የተባለው 4 በመቶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በቀን 8,640 የ10 ሰከንድ ቁራጮች አሉ። 4 በመቶው 346 የውሸት ደወል ነው። ባለሙያው በሁለተኛው ቀን ደወሉን ያጠፋዋል፤ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ገደቡ ሞዴሉ ካላየው ደህና ዳታ ይውጣ። ከዚያ ወደ ኋላ እናስብ፦ ባለሙያው በቀን ስንት የውሸት ደወል ይችላል? 9 ያህል ካለ፣ 9 ከ8,640 ወደ 0.1 በመቶ ነው። ገደቡ የ99.9 በመቶው ቦታ ሆነ ማለት ነው።

```python
err = ((x_val - model.predict(x_val))**2).mean(axis=1)
threshold = np.quantile(err, 0.999)
```

እዚህ ላይ የዳታው ብዛት ወሳኝ ነው። 1,000 ቁራጭ ብቻ ካለን ከገደቡ በላይ የሚቀረው አንድ ነው፤ ያ አንዱ ሲቀየር ገደቡም አብሮ ይዘላል። የሰባት ቀን ዳታ ካለ ግን 60 ያህል ይቀራሉ፤ ያ ይሻላል።

አማካዩ ላይ ሦስት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን መደመርም የተለመደ ነው። እኔ አልመክረውም። ያ ስሌት የሚሠራው ቁጥሮቹ በአማካያቸው ግራና ቀኝ እኩል ሲበተኑ ነው። ይሄ ስህተት ግን ከዜሮ በታች አይወርድም፣ በላይኛው በኩል ደግሞ ረጅም ጅራት አለው። ስንት የውሸት ደወል እንደሚመጣ ስሌቱ በትክክል አይነግረንም። ቆጥሮ ማየቱ ይሻላል።

ገደቡን ከፍ ስናደርግ ቀስ ብሎ የሚጀምር ብልሽት ሊያመልጠን ይችላል። አንድ ጥሩ መላ አለ፦ ገደቡን ዝቅ አድርጎ፣ ሦስት ተከታታይ ቁራጮች ካላለፉት ደወል እንዳይጮህ ማድረግ። የፓምፑ መነሻ ድንጋጤ ባንድ ቁራጭ ያልቃል፤ የተበላ ኩሽኔታ ግን አይቆምም። ጎን ለጎን ያሉ ቁራጮች ስለሚመሳሰሉ፣ የአንዱን ቁራጭ ዕድል በራሱ እያባዙ የሦስቱን የውሸት ደወል መገመት አይሠራም። ሕጉን ባልታየው ሳምንት ላይ አስኬዶ መቁጠር ነው። የተመዘገቡ ጥቂት ብልሽቶች ካሉ ደግሞ በዚያው ገደብ ስንቶቹ እንደተያዙ ይታይ።

ሌላው የሚያሳስተው አማካዩ ራሱ ነው። ከ64ቱ አንዱ ቁጥር ብቻ ክፉኛ ቢስት፣ ስህተቱ ለ64 ተካፍሎ ይጠፋል። ኩሽኔታ ሲበላ መጀመሪያ የሚታየው በጥቂት ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ስለሆነ ይሄ በእውነት ያጋጥማል። ከአማካዩ ጎን ትልቁን ነጠላ ስህተትም መዝግቡ፤ የራሱ ገደብ ይኑረው።

ገደቡ አንዴ ተሠርቶ የሚተውም አይደለም። በየሳምንቱ ስህተቶቹን ደርድራችሁ መሃል ላይ የሚያርፈውን፣ ማለትም መካከለኛ ዋጋቸውን እዩ። ጅራቱ ብቻ ሳይሆን መካከለኛው ራሱ ከፍ ካለ፣ ወይ የፓምፑ ጫና ተቀይሯል፣ ወይ ሞተሩ ቀስ እያለ እያለቀ ነው። ሁለቱን የሚለየው የጥገና መዝገቡ ነው። ሥራው ተቀይሮ ከሆነ ሞዴሉ በአዲሱ ዳታ ይሠልጥን፣ ገደቡም እንደገና ይውጣ። ምንም ካልተቀየረ ግን አዲሱን ዳታ ለሥልጠና አትስጡ፤ ሞዴሉ ብልሽቱን እንደ ጤና ይማረዋል።