40 ደቂቃው 40 አይደለም፦ ስለ ሌሰን ፕላን የሚወሩ ስህተቶች እና እውነታው

«ቲቸር፣ ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው አይደል፣ መግቢያ 5፣ አቀራረብ 20፣ ማጠናከሪያ 10፣ ግምገማ 5 ብዬ ሁሌ ብሞላው ምን ችግር አለው? ማንስ ያነበዋል ደሞ፣ ለፊርማ አይደል እንዴ?»

ወንድሜ፣ ይሄን ጥያቄ ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር አቁሜያለሁ። እኔ ራሴ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሂሳብ ዲፓርትመንት ሄድ ነኝ፣ በየሰኞው ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ የሚከመረውን ዕቅድ የምፈርመው እኔ ነኝ፣ እና አነበዋለሁ። 5፣ 20፣ 10፣ 5 የሚለውን ስልክ ቁጥር ሳየው ወዲያው አውቀዋለሁ፣ ከየትኛው የፎቶኮፒ ቤት ፍላሽ እንደተገለበጠ ሁሉ ልነግርህ እችላለሁ።

በቅድሚያ ትናንሾቹን እንጨርስ።

«በኮምፒውተር ካልተጻፈ አይቆጠርም» ይላሉ። በእርሳስ ይጻፍ፣ እንዲያውም እርሳስ ይሻላል፣ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታያለህ።

«ሌሰን ፕላን የጀማሪ ነው፣ እኔ በጭንቅላቴ ነው የያዝኩት።» በጭንቅላት የሚያዘው ይዘቱ ነው። ደቂቃን በጭንቅላቱ የያዘ ሰው እስካሁን አላየሁም፣ ሃያ ዓመት ያስተማሩትም ደወል ሲደወል «ወይኔ!» ሲሉ ነው የምሰማቸው።

«የመርጃ መሣሪያ ቦታው ላይ ቾክ፣ ዳስተር፣ መማሪያ መጽሐፍ ይጻፋል።» ቾክ ሁልጊዜ አለ፣ ምን ብለህ ትጽፈዋለህ? እዛ ላይ የሚጻፈው ለዛ ቀን ብቻ የሚያስፈልገው እና ብትረሳው ትምህርቱን የሚያቆምብህ ነገር ነው። ስንት እንደሆነ እና በማን እጅ እንደሚደርስም ይጻፋል።

«ዓላማው ከመምህሩ መምሪያ እንዳለ ይገለበጣል።» ይሄ ትንሽ ይቆየን። ተማሪዎች «ስለ ክፍልፋይ መደመር ይገነዘባሉ» ብለህ ስትጽፍ እኔ መገንዘባቸውን በምን አያለሁ? ፊታቸው ላይ? አንድ ቀላል መፈተኛ አለኝ፣ ሠንጠረዡን ስቀበል መሃሉን በእጄ እሸፍንና ላይ ያለውን ዓላማ እና ታች ያለውን ግምገማ ብቻ አነባለሁ። ዓላማው «ይደምራሉ» ብሎ ግምገማው «የቃል ጥያቄ መጠየቅ» ካለ ሁለቱ አይተዋወቁም ማለት ነው። ይደምራሉ ካልክ መጨረሻ ላይ ሲደምሩ ማየት አለብህ፣ በቃ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ደሜን ወደሚያፈላው። «40 ደቂቃ አለኝ።»

የለህም። አንተ ከአንድ ክፍል ወጥተህ ደረጃ ወርደህ ሌላኛው እስክትገባ፣ ከእረፍት የመጡት ከቧንቧው ተጠርተው እስኪሰበሰቡ፣ ያለፈው መምህር የተወውን ሰሌዳ እስክታጠፋ፣ ስም እስክትጠራ አራት ደቂቃ ሄዷል። ሰዓት ይዤ አይቼዋለሁ፣ ከሦስት በታች ሆኖ አያውቅም። ሠንጠረዡ ላይ ግን ይሄ መስመር የለም! 40ው እንዳለ ተከፋፍሏል። ስለዚህ ያ አራት ደቂቃ ከየት ይቀነሳል? ሁልጊዜ ከመጨረሻው፣ ማለትም ከግምገማው። የ5 ደቂቃ ግምገማ የጻፈ ሰው እውነቱን ለመናገር 1 ደቂቃ ነው ያለው፣ እሷም «ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!» በምትለው ታልቃለች።

ሁለተኛው ደሞ መደመር እና ማባዛት የሚያስተምሩ ሰዎች የራሳቸውን ክፍል አለማባዛታቸው ነው። እኔ ጋ 54 ልጅ አለ፣ 18 ዴስክ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት። «ደብተር ማረም፣ 5 ደቂቃ» ትላለህ። አንድ ደብተር አይቶ ራይት ለማድረግ 15 ሰከንድ ብንል እንኳን (ልጁ ገጹን እየፈለገ ካልሆነ ነው ይሄ) 54 ሲባዛ በ15 810 ሰከንድ ነው፣ ማለትም 13 ደቂቃ ተኩል። በ5 ደቂቃ የምታየው 20 ደብተር ብቻ ነው፣ እነሱም ከፊት የተቀመጡት ጎበዞች ናቸው፣ ከዛ «ክላሱ ገብቶታል» ብለህ ትወጣለህ። የቡድን ውይይትም እንደዛው። ስድስት ስድስት ብትመድባቸው 9 ቡድን ይሆናል፣ አንዱ ቡድን 2 ደቂቃ ቢያቀርብ 18 ደቂቃ፣ አንተ የጻፍከው ለውይይቱም ለማቅረቡም 10።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም፣ ልንገርህ። 5ኛ ክፍል፣ ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር፣ 1/2 + 1/3። ሌሊቱን ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ባለቀለም ወረቀት እየቆረጥን፣ ለአንድ ልጅ ሁለት ሁለት፣ 108 ቁራጭ። ሠንጠረዤ ያምር ነበር፣ መርጃ መሣሪያ የሚለው ሳጥን ሞልቶ፣ ያን ቀን ደሞ ሱፐርቪዥን ነበረ። ማደሉ ብቻ 9 ደቂቃ ወሰደ። «ቲቸር ለኔ አንድ ነው የደረሰኝ»፣ «ቲቸር የኔ ቀይ አይደለም»፣ የመስኮቱ መስታወት የተሰበረ ስለነበር ነፋሱ የኋላዎቹን ይዞባቸው ሄደ፣ ሲሶዋን አጣጥፈን ሳንጨርስ ደወለ። ሱፐርቫይዘሩ «መርጃ መሣሪያ አጠቃቀም፣ በጣም ጥሩ» ብሎ ጻፈልኝ። ያን ቀን አንድም ልጅ አልደመረም!

ችግሩ ወረቀቱ አልነበረም፣ «ማደል» የሚባል ሥራ ሠንጠረዡ ላይ ደቂቃ አልነበረውም። የሚታደል ነገር ካለ ለብቻው ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ካልሆነ የማይታደል ነገር ይመረጣል። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ትምህርት እንዲህ ጻፍኩት፦

| ደረጃ | ደቂቃ | ተማሪዎቹ የሚሠሩት | የሚያስፈልገው |
|---|---|---|---|
| መረጋጋት፣ ስም መጥራት | 4 | ደብተር ያወጣሉ | የለም |
| መግቢያ | 4 | 1/2 + 1/3 ስንት እንደሚሆን ለየራሳቸው ይገምታሉ | የለም |
| አቀራረብ | 11 | 12 ካሬ ሠርተው ግማሹን እና ሲሶውን ያጠቁራሉ | ማስመሪያ፣ እርሳስ |
| ማጠናከሪያ | 12 | 1/4 + 1/3፣ ቀጥሎ 1/2 + 1/5 | ያው |
| ግምገማ | 6 | ሁለተኛውን ጥያቄ ያሳያሉ፣ ከየዴስኩ አንድ ልጅ | የለም |
| ትርፍ | 3 | | |

ዓላማው አንድ መስመር ነው፦ «ተማሪዎች ታህታቸው የተለያየ ሁለት ክፍልፋዮችን በካሬ ሥዕል አሳይተው ይደምራሉ።» አንድ ፔሬድ አንድ ዓላማ ይበቃዋል፣ አራት ዓላማ የደረደረ ሰው ለአራቱም ግምገማ ከየት ያመጣል?

መግቢያው ላይ ምንም አላስተምርም። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዝም እላለሁ፣ ብዙዎቹ ላዕልን ከላዕል ታህትን ከታህት ደምረው 2/5 ይላሉ፣ ሁሌም ይሉታል። ስህተት ነው አልላቸውም። አቀራረቡ ላይ በደብተራቸው 12 ካሬ በአንድ መስመር ይሠራሉ። ግማሹን አጥቁሩ፣ 6። ሲሶውን ጨምሩ፣ 4። ቁጠሩ፣ ከ12 ካሬ 10 ጠቁሯል፣ 10/12፣ ሲቀል 5/6። ከዛ ወደ 2/5 እመልሳቸዋለሁ፦ «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ያንሳል?» ያንሳል። «ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ አነሰ?» አንዴ ከኋላ ያለ ልጅ «ቲቸር ሌባ አለ ማለት ነው» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ይሄ ውይይት ራሱ 3 ደቂቃ ይበላል፣ አስራ አንዱ ውስጥ አስቤበታለሁ።

ማጠናከሪያው ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ የሆነው በስንፍና አይደለም። አንደኛው 1/4 + 1/3 በዛው በ12 ካሬ ይሠራል፣ 3 እና 4፣ 7/12። ሁለተኛው 1/2 + 1/5 ግን በ12 አይሄድም፣ 12 ለ5 እኩል አይካፈልም። ልጁ ራሱ 10 ካሬ ያስፈልጋል ብሎ ማሰብ አለበት፣ 5 እና 2፣ 7/10። ለዛ ነው የአንድ ደብተር ግምገማዬ በ15 ሰከንድ የሚያልቀው፣ መልሱን ሳላነብ ካሬውን አያለሁ። 10 ካሬ ካለ ገብቶታል። 12 ካሬ ሠርቶ እየሰረዘ ካለ ሥዕሉን እንጂ ሐሳቡን አልያዘም። ምንም ካሬ ሳይኖር 7/10 ብቻ ከተጻፈ ከጎኑ ካለው ልጅ አይቷል፣ ወይ በሌላ መንገድ ሠርቶታል፣ «አሳየኝ» ይባላል።

ሁሉንም ደብተር አላይም። ከየዴስኩ አንድ፣ 18 ደብተር፣ በ15 ሰከንድ 4 ደቂቃ ተኩል ነው፣ መመላለሻውን ጨምሮ 6 ይበቃል። ዛሬ የመስኮት በኩሉ፣ ነገ መሃሉ፣ ከነገ ወዲያ የመተላለፊያ በኩሉ፣ በሦስት ቀን 54ቱም ይታያሉ። ከ18ቱ ያልሠሩት ከ6 ከበለጡ (ይሄ የራሴ ልክ ነው፣ የማንም መመሪያ አይደለም) የነገው መግቢያ ከዛው ይጀምራል፣ አዲስ ርዕስ አልከፍትም። አንዳንዶች «ዕቅዱን ካልጨረስክ ወደቅህ» ይላሉ፣ የዓመቱ ዕቅድ እንዳይዘገይብህ ተጠንቀቅ እንጂ የዕለቱን ፔሬድ በግድ መጨረስ ማንንም አይጠቅምም።

«ትርፍ 3» የሚለውን አንድ የበላይ አካል ቀይ አስምሮበት መልሶልኝ ያውቃል፣ «ጊዜ በአግባቡ አልተመደበም» ብሎ። ሳልከራከር «ማጠናከሪያ 15» ብዬ ቀይሬ አስገባሁ፣ በራሴ ኮፒ ላይ ግን 12 እና 3 ነው። አንተም ፎርማቱ አይፈቅድም ከተባልክ እንደዛ አድርግ። ክረምት ሲጠጋ ደሞ ትርፉን ወደ 5 አሳድጋት፣ የኛ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ በረዶ ቀላቅሎ ሲጥል ጮኸህም አትሰማም፣ ያኔ የቃል ሥራ ያቀደ ሰው ቆሞ ዝናቡን ያዳምጣል።

እርሳሱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ክላስ እንደጨረስክ፣ ስታፍ ሩም ሻይ ሳትጠጣ፣ ከእያንዳንዱ ደቂቃ አጠገብ በትክክል የወሰደውን ጻፍ። እኔ በዚህ በአዲሱ ሠንጠረዥ ያስተማርኩ ቀን «አቀራረብ 11» አጠገብ 15 ነው የጻፍኩት። ሦስቱን ትርፉ ቻለው፣ አንዱን ከማጠናከሪያው ቆረጥኩ፣ ግምገማዋ ግን 6 ደቂቃዋን አገኘች። አራቱ ደቂቃ የት ሄደ ብዬ ሳስብ ክርክሩ አልነበረም፣ ካሬ ሲያጠቁሩ የግማሹ ክፍል እርሳስ ተሰበረ ወይ ደነዘ፣ አንድ መቅረጫ ከፊት እስከ ኋላ ሲዞር ነበር። የዚያ ትምህርት «የሚያስፈልገው» ሳጥን አሁን እንዲህ ይላል፦ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ መቅረጫ 6፣ ለየሦስት ዴስክ አንድ።