ቪዲዮዬ ላይ «ኮፒራይት» የሚል መጣ፦ ስለ ክሌም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በባቲ የሰኞ ገበያ ላይ የተቀረጸ የ12 ደቂቃ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ተጫነ እንበል። ግመሉ፣ ቅቤው፣ የገበያተኛው ግርግር ሁሉ በባለቤቱ በራሱ ስልክ የተቀረጸ ነው። ከ4:10 እስከ 5:25 ባለው ቦታ ግን ከአንድ ሱቅ ስፒከር የሚወጣ የአምባሰል ዘፈን ከኋላ ይሰማል። ብዙም ሳይቆይ በዩቲዩብ ስቱዲዮ፣ Restrictions በሚለው ዓምድ ሥር Copyright የሚል ቃል ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚሁ ቪዲዮ ላይ የተመሠረተ ነው።

«ኮፒራይት ከመጣብኝ ቻናሌ ሊዘጋ ነው።»

ብዙ ሰው የሚደነግጠው ክሌምንና ስትራይክን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ነው። ክሌም ማለት የመብት ይገባኛል ጥያቄ ነው፤ የሚያርፈውም ቪዲዮው ላይ ብቻ ነው። ዩቲዩብ የባለመብቶችን ሥራዎች የድምፅና የምስል አሻራ አስቀምጦ፣ የሚጫነውን ቪዲዮ ሁሉ በራሱ ጊዜ ያመሳክራል፤ ሲገጥም ክሌም ይወጣል። ይህ በቻናሉ መዝገብ ላይ ቅጣት ሆኖ አይቆጠርም፤ አሥር ቪዲዮ ላይ ክሌም ቢኖርም በዚያ ብቻ ቻናል አይዘጋም።

ስትራይክ የሚመጣው ባለመብቱ «ይህ ቪዲዮ ይውረድ» ብሎ ሕጋዊ ጥያቄ ሲያቀርብና ቪዲዮው ሲወርድ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ ከደረሰ ቻናሉ ይዘጋ ይሆናል። የመጣው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ Copyright የሚለውን ነክቶ See details ውስጥ መግባት ነው፤ እዚያ ዘፈኑ፣ ክሌም ያደረገው አካልና የተገኘበት ደቂቃ ተጽፎ ይገኛል።

«ቪዲዮውን የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ ዘፈኑ ደግሞ ትንሽ ሰከንድ ብቻ ነው።»

ምስሉ የእናንተ ነው፤ በውስጡ የገባው ዘፈን ግን የሌላ ሰው ነው። አንዱ መብት ሌላውን አይሸፍነውም። «እስከ 10 ሰከንድ ይፈቀዳል» የሚባለው ወሬም መሠረት የለውም፤ እንዲህ ያለ የተፈቀደ ልክ የለም። በቪዲዮው መግለጫ ላይ «የዘፈኑ መብት የባለቤቱ ነው» ብሎ መጻፍም ለውጥ አያመጣም፤ ስም መጥራት ፈቃድ ማግኘት አይደለምና።

«ክሌም ያለበት ቪዲዮ ለማንም አይታይም።»

ይህን የሚወስነው ባለመብቱ ነው። ሦስት ምርጫ አለው፦ ቪዲዮው እንዲታይ ትቶ ማስታወቂያውን ለራሱ መውሰድ፣ እንዲታይ ትቶ የተመልካቹን ብዛት ብቻ መከታተል፣ ወይም ማገድ። ምርጫው በየአገሩ ሊለያይ መቻሉ ነው ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው። የባቲው ቪዲዮ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያለ ችግር እየታየ፣ ሪያድ ወይም ጅዳ ያለችው እህት «አይከፍትልኝም» ልትል ትችላለች። ያኔ ኔትወርክን ከመውቀስ በፊት በ See details ውስጥ ቪዲዮው የታገደባቸውን አገሮች ማየት ያስፈልጋል።

«የሚወስዱት የዘፈኑን ድርሻ ያህል ብቻ ነው።»

75 ሰከንድ ከ12 ደቂቃ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ባለመብቱ ማስታወቂያውን ለራሱ ካደረገ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው የቪዲዮው የማስታወቂያ ገቢ በሙሉ ነው። ቻናላችሁ ገና ገቢ የማያገኝ ቢሆንም ቪዲዮው ላይ ማስታወቂያ ሊታይ ይችላል፤ ያም ገቢ ወደ ባለመብቱ ይሄዳል። ስለዚህ «ገንዘብ አላገኘሁበትም» ማለት ክሌምን አያስነሳም።

«ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል የሕዝብ ናቸው፤ ባለቤት የላቸውም።»

ለቅኝቱ እውነት ነው፤ የአምባሰልን ቅኝት ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም። ነገር ግን በዚያ ቅኝት አንድ ሰው ግጥምና ዜማ ሲደርስ፣ ሌላው ሲዘፍነው፣ አሳታሚው ሲቀርጸው፣ እያንዳንዱ የየራሱ መብት አለው። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው በተጨማሪ ለከዋኙና ለድምፅ ቀራጩም መብት ይሰጣል። ከሱቁ ስፒከር የወጣው ቅኝቱ ብቻ ሳይሆን የተወሰነ ሰው የዘፈነው፣ የተወሰነ አሳታሚ ያወጣው ቅጂ ነው። ማሲንቆ ተጫዋች ጋብዛችሁ፣ የቆየ የሕዝብ ዜማ አስጫውታችሁ፣ በጽሑፍ ተስማምታችሁ ከቀረጻችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሠርግ ላይ የሙዚቃ ባንድ አንድ የታወቀ ዘፈን ሲጫወት ደግሞ፣ ቀረጻው አዲስ ቢሆንም በዜማው በኩል ክሌም ሊመጣ ይችላል።

«ዘፋኙ ራሱ በስልክ ፈቅዶልኛል።»

ዘፋኙ ከልቡ ፈቅዶ ይሆናል፤ ክሌሙን ያወጣው ግን ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ ያስመዘገበው አሳታሚ ወይም አከፋፋይ ነው። ሥርዓቱ የስልኩን ወሬ አያውቅም። በውሉ መሠረት የመፍቀዱ ሥልጣንም ከዘፋኙ እጅ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። አጭሩ መንገድ ዘፋኙ ለአከፋፋዩ የቪዲዮውን ሊንክ ልኮ «ይህን ልቀቁለት» እንዲል ማድረግ ነው፤ አከፋፋዩ ክሌሙን በቀላሉ ሊያነሳው ይችላል። ፈቃዱንም ቢያንስ በጽሑፍ፣ የዘፈኑን ስም፣ የቻናሉን ስምና ቀኑን ጨምሮ መያዝ ይገባል።

«ተቃውሞ ባቀርብ ምን እጎዳለሁ?»

ማስረጃ ካላችሁ አትጎዱም፤ እንዲያውም ቶሎ ማቅረብ ያዋጣል። Dispute የሚለውን ነክታችሁ ምክንያታችሁን ስትልኩ፣ ባለመብቱ መልስ የሚሰጥበት 30 ቀን አለው። በዚያ ጊዜ ዝም ካለ ክሌሙ ይነሳል።

ቻናላችሁ ገቢ የሚያገኝ ከሆነ ቀኑን ቁጠሩ። ክሌሙ በመጣ በ5 ቀን ውስጥ ከተቃወማችሁ፣ ገቢው ከክሌሙ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ለማንም ሳይከፈል ይቆያል፤ ለረታው ወገን ይሰጣል። በስምንተኛው ቀን ብትቃወሙ ግን የሚያዘው ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው ብቻ ነው። አዲስ ቪዲዮ አብዛኛውን ተመልካች የሚያገኘው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሆነ የሦስት ቀን መዘግየት ብዙ ሊያሳጣ ይችላል።

ተቃውሟችሁ ውድቅ ሆኖ ይግባኝ ካላችሁ ባለመብቱ 7 ቀን አለው፤ አሁንም ካላመነ ቪዲዮውን የማስወረድ ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል፤ ከተሳካለት ስትራይክ ይመጣል። ስለዚህ የባቲው ቪዲዮ ባለቤት በእጁ ፈቃድ ሳይኖር «የራሴ ሥራ ነው» ብሎ መከራከሩ፣ ቅጣት ያልነበረውን ክሌም ወደ ቅጣት መጎተት ነው።

«ቪዲዮውን አጥፍቼ እንደገና እጭነዋለሁ።»

ያው ድምፅ ስለሆነ ያው ክሌም ይመለሳል፤ ተመልካቹና አስተያየቱ ደግሞ በከንቱ ይጠፋል። በ See details ውስጥ ዘፈኑን ብቻ ማጥፋት፣ የዚያን ክፍል ድምፅ በሙሉ መዝጋት፣ ከ4:10 እስከ 5:25 ያለውን ቆርጦ ማውጣት፣ ወይም በዩቲዩብ ነፃ ሙዚቃ መተካት ይቻላል። ለገበያ ቪዲዮ ዘፈኑን ብቻ ማጥፋቱ ቢሞከር ይሻላል፤ የሻጩ ድምፅ ይተርፋልና። ስፒከሩ ለካሜራው ቀርቦ ከሆነ ግን ንግግሩ ሊጎረብጥ ይችላል፤ ያኔ መቁረጡ ንጹሕ ነው። ለውጡ ተቀምጦ ሲያልቅ ክሌሙ ይነሳል፣ ሊንኩም አይቀየርም። ከዚያ በፊት ለባለመብቱ የሄደው ገቢ ግን በዚህ መንገድ አይመለስም።

ለሚቀጥለው ሰኞ ቪዲዮውን ስትጭኑ፣ Checks የሚለው ደረጃ ምርመራውን እስኪጨርስ ለሕዝብ ሳትለቁት ጠብቁ። ክሌሙ እዚያው ከታየ፣ ማንም ሳያየው ታስተካክሉታላችሁ።